የደበዘዘ ስክሪንሾት ሻርፕን ከማድረጋችሁ በፊት

ሰሞኑን ለፕሬዘንቴሽን አንድ ሰንጠረዥ ስክሪንሾት አንስቼ ስላይዱ ላይ ስለጥጠው ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። የቆረጥኩት ምስል ስፋቱ 640 ፒክስል ነው፣ ስላይዱ ደግሞ በ1920 ነው የሚታየው፣ እያንዳንዷ ፒክስል 3 እጥፍ ተለጠጠች ማለት ነው። ሻርፕን አደረግኩት፣ ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ፣ ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ነጭ ጠርዝ አወጡ እንጂ 8ቷ ከ3 አልለይ አለች። ሻርፕን እኮ ያለውን ጠርዝ ነው የሚያጎላው፣ መጀመሪያውኑ ያልተያዘ ነገር ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ገጹ አሁንም የሚከፈትላችሁ ከሆነ አትልፉ፣ ድጋሚ አንሱት። ብራውዘሩ ላይ Ctrl ይዛችሁ + እየነካችሁ 200% አድርሱትና የምትፈልጉትን ቦታ ብቻ ቁረጡ፣ ፊደሉ እንደ አዲስ በትልቁ ስለሚሳል ጥርት ብሎ ይመጣል (ጽሑፉ ራሱ ምስል ውስጥ ያለ ከሆነ ግን ዙም ማድረጉ ብዙም አይረዳም)። ሴቭ ስታደርጉ PNG ይሁን፣ JPG ፊደል ዙሪያ ቆሻሻ ይረጫል። በቴሌግራም ከላካችሁትም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል።

ኦርጅናሉ ከጠፋ ሌላ ነገር ነው። በ100% ስታዩት የሚነበብ ከሆነ መጀመሪያ 2 እጥፍ አሳድጉት፣ ከዛ ሻርፕኑን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ ነጩ ጠርዝ ብቅ ሲል ትንሽ ወደኋላ መልሱት። ቁጥሩን እየገመታችሁ የምታነቡት ከሆነ ግን ተዉት፣ ከምንጩ አረጋግጣችሁ ሰንጠረዡን ስላይዱ ላይ እንደገና ጻፉት።