ተገብሮን ወደ ገቢር ስትቀይሩ «ን» የት ትገባለች?

አዳማ ውስጥ የቀበሌ ሪፖርትና ማስታወቂያ ለምትጽፉ፦ «የሰፈሩ ቱቦ በነዋሪዎች ተጠረገ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። መጀመሪያ «በ» ያለበትን ቃል ፈልጉ። ሠሪው እሱ ከሆነ «በ»ን አንስታችሁ ፊት አምጡት፣ ከግሱ «ተ»ን ጣሉ፣ ግሱን ከሠሪው ጋር አስማሙ፦ «ነዋሪዎች የሰፈሩን ቱቦ ጠረጉ»። ብዙ ሰው የሚስተው «ን»ን ነው፤ እዚህ የምታርፈው «ቱቦ» ላይ ሳይሆን «የሰፈሩ» ላይ ነው።

«በአካፋ ተጠረገ» ቢል ግን አካፋው መሣሪያ እንጂ ሠሪ አይደለም። «ተቀበለ»ና «ተማረ»ም «ተ» ስላላቸው ብቻ ተገብሮ አይሆኑም።

«ይዘጋል» ላይ ተጠንቀቁ፤ ገቢሩም ተገብሮውም ሲጻፍ አንድ ነው፣ የሚለየው ሲነበብ በመጥበቁ ነው። በጽሑፍ «መንገዱ ይዘጋል» እና «መንገዱን ይዘጋል» የሚለዩት በ«ን» ብቻ ነው።

«ሌሊት የመብራት ገመድ ተሰረቀ» የሚለውን ግን አትንኩት። ሌባው አልታወቀም፤ «ሌቦች ሰረቁ» ማለት የሚጨምረው መረጃ የለም፣ ዜናውም ስለ ገመዱ ነው። «ክፍያ ተጨምሯል» ሲሆን ግን ነዋሪው ማን እንደጨመረ ማወቅ አለበትና ጨማሪውን በስሙ ጻፉት።