ከመምህርነት ወደ አሠልጣኝነት የሚያሻግር ደብዳቤ

ጎንደር አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ለአንድ ባንክ አሠልጣኝነት ልታመለክት ደብዳቤዋን አሳየችኝ። «ለ9 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ» ይላል። ከዚህ ቀጣሪው ምን ይረዳል? ቁጭ ብለን ቀየርነው፦

«ዓርብ ዓርብ በ5 አጫጭር ጥያቄዎች ማን ምን እንዳልገባው እለያለሁ። ሰኞ ያንኑ በሌላ ምሳሌ አስረዳለሁ። ከዚያ መልሼ እፈትናለሁ። አዲስ ካሸሮችንም በዚሁ መንገድ ማሠልጠን እችላለሁ።»

የቀጣሪው ትልቁ ጥርጣሬ ግን «ልጆችን እንጂ አዋቂን አሠልጥናለች ወይ?» የሚል ነው። እሷ ደግሞ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ጀማሪ መምህራንን ታግዛለች። ይህን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ቀብራው ነበር! ወደ መጀመሪያው አንቀጽ አወጣነው። ስንት መምህራንን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳገዘች፣ ክፍላቸው ገብታ ከተመለከተች በኋላ ምን እንዳስተካከሉ ጻፈች። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።