ፓስወርድ ሳይላክ ማንነት እንዴት ይረጋገጣል? የከርበሮስ ትኬትና የኮምቦልቻው ሰርቨር ሰዓት

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደሴ ፒያሳ ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ነው።

«ወንድሜ፣ የጋራ ፎልደሩ እምቢ አለን። ፓስወርዴን ሦስቴ አስገባሁ፣ አሁንም አይከፍትም።»

«አብሽሪ እህቴ። ኮምፒውተሩስ ራሱ ገባልሽ?»

«እሱማ ወዲያው ገባ።»

ይቺ የመጨረሻዋ መልስ ግማሹን ሥራ ጨረሰችልኝ። ኮምፒውተሩ በፓስወርዷ ከገባ ፓስወርዷ ትክክል ነው። ፎልደሩ ደግሞ ፓስወርዷን ጭራሽ አያየውም። ሦስቴ ቀርቶ ሠላሳ ጊዜ ብታስገባው ለውጥ የለውም ነበር። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የዚህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ሰውን የሚያውቅበትን መንገድ፣ ከርበሮስን፣ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ከርበሮስ በ1980ዎቹ አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ዛሬ የዊንዶውስ ዶሜይን፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹንና ሠራተኞቹን ከአንድ ማዕከል የሚያስተዳድር ሥርዓት፣ ባለበት ቢሮ ሁሉ ማንም ሳያስተውለው ይሠራል።

በዚህ ቢሮ ሦስት ወገኖች አሉ። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው ደሴ ዋናው ቢሮ የተቀመጠው ዶሜይን ኮንትሮለር ነው፤ ትኬት የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ ትኬት ቢሮ እለዋለሁ። ሦስተኛው ኮምቦልቻ ያለው፣ በሊኑክስ የሚሠራው የፋይል ሰርቨር ነው። ትኬት ቢሮው የሁሉንም ምስጢራዊ ቁልፍ ያውቃል፤ የሠራተኞቹንም የሰርቨሩንም። ሠራተኛዋና ሰርቨሩ ግን አንዳቸው የሌላውን ቁልፍ አያውቁም።

ደረጃ 1፦ ጠዋት መግባት

ሠራተኛዋ ፓስወርዷን ስትጽፍ ኮምፒውተሯ ከፓስወርዱ ቁልፍ ያወጣል። ፓስወርዱን አይልክም። በምትኩ የዚያን ቅጽበት ሰዓት ወስዶ በዚያ ቁልፍ ይቆልፈውና «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ደሴ ላለው ትኬት ቢሮ ይልከዋል። ትኬት ቢሮው ራሱ ባስቀመጠው የእሷ ቁልፍ ይፈታዋል። ውስጡ የአሁን ሰዓት ከተገኘ፣ የቆለፈው ትክክለኛውን ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው ነው ማለት ነው።

በመልሱ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ለዚያ ቀን ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ቁልፍ ነው፤ በእሷ ቁልፍ ተቆልፎ ስለሚመጣ ኮምፒውተሯ ይከፍተዋል። ሁለተኛው ዋናው ትኬት ነው። ይህን ኮምፒውተሯ ይይዘዋል እንጂ ሊከፍተው አይችልም፤ ትኬት ቢሮው ለራሱ ጽፎ፣ በራሱ ቁልፍ አሽጎ የሰጣት ፖስታ ነው። ውስጡ ስሟ፣ ያው ጊዜያዊ ቁልፍ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ ከርበሮስ ፓስወርዱን አይፈልገውም።

ደረጃ 2፦ ለፋይል ሰርቨሩ ትኬት ማስቆረጥ

የጋራ ፎልደሩን ስትነካ ኮምፒውተሯ ወደ ደሴ ተመልሶ ያንን የታሸገ ፖስታ ያቀርባል፤ «ለፋይል ሰርቨሩ ትኬት ስጠኝ» ይላል። ፖስታውን ሌላ ሰው ከመንገድ ጠልፎት ቢሆንስ? ለዚህ ሲባል ከፖስታው ጋር ስሟንና የአሁኑን ሰዓት በጊዜያዊው ቁልፍ ቆልፎ ይልካል። ትኬት ቢሮው ፖስታውን ከፍቶ ጊዜያዊ ቁልፉን ከውስጡ ያወጣል፤ በእሱም አብሮ የመጣውን ስምና ሰዓት ይፈታል። ከተስማማ አዲስ ትኬት ይቆርጣል። ይህ አዲሱ ትኬት የታሸገው በፋይል ሰርቨሩ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ይህንንም መክፈት አትችልም። ከሰርቨሩ ጋር የምትነጋገርበት ሌላ ጊዜያዊ ቁልፍ ለእሷም ተቆልፎ ይሰጣታል።

ደረጃ 3፦ ትኬቱን ማሳየት

ኮምፒውተሯ አዲሱን ትኬትና አሁንም በአዲሱ ጊዜያዊ ቁልፍ የቆለፈውን ስምና ሰዓት ለፋይል ሰርቨሩ ያቀርባል። ሰርቨሩ ትኬቱን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ እዚያው ይወስናል። ደሴ ደውሎ «ይህች ልጅ እውነት ናት?» ብሎ አይጠይቅም። የትኬት አሠራር ውበቱ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ትኬቱ አስቀድሞ እጇ ካለ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መስመር ቢቋረጥ እንኳ ሰርቨሩ ያስተናግዳታል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሰርቨሩ ማንንም ስለማይጠይቅ የሚተማመነው በራሱ ሰዓት ብቻ ነው።

ሰዓት በየደረጃው ለምን ገባ? አንድ ሰው በመስመሩ ላይ አድፍጦ ትኬቱንም የተቆለፈውን ስምና ሰዓትም ቢቀዳ፣ መክፈት ባይችልም እንዳለ መልሶ ሊልከው ይሞክራል። ሰርቨሩ ሁለት መከላከያ አለው። የተላከው ሰዓት ከራሱ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከራቀ ይጥለዋል። በ5 ደቂቃ ውስጥ የሆነውን ደግሞ አንዴ የተቀበለውን በማስታወሻው ይዞ፣ ያው ነገር ሲደገም አይቀበልም። 5 ደቂቃው የተለመደው መነሻ ልክ ነው። ቢያጠብቡት ሰዓታቸው ትንሽ የተዛባ ኮምፒውተሮች ይቀራሉ፤ ቢያሰፉት ማስታወሻው ይረዝማል።

ወደ ኮምቦልቻው ጉዳይ እንመለስ። ሐረጎን ወርጄ ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ `klist` ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ትእዛዝ በእጅ ያሉትን ትኬቶች ይዘረዝራል። ያየሁት ሲያጥር እንዲህ ነበር (ስሞቹን ቀይሬያቸዋለሁ)፦

```
#0> Client: hisab01 @ BIRO.LOCAL
    Server: krbtgt/BIRO.LOCAL @ BIRO.LOCAL
    Start Time:  8:05:12 (local)
    End Time:   18:05:12 (local)
#1> Client: hisab01 @ BIRO.LOCAL
    Server: cifs/fayil.biro.local @ BIRO.LOCAL
    Start Time:  8:12:40 (local)
    End Time:   18:05:12 (local)
```

`krbtgt` የሚለው ዋናው ትኬት ነው። `cifs` የሚለው ደግሞ የፋይል ሰርቨሩ። ዋናው ትኬት ባይኖር ችግሩ ደረጃ 1 ላይ፣ ማለትም ፓስወርዱ ወይም ወደ ደሴ የሚሄደው መስመር ላይ ነበር። ዋናው ኖሮ ሁለተኛው ባይኖር ደረጃ 2 ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትኬት ቢሮው ሰርቨሩን በዚያ ስም ሳያውቀው ሲቀር የሚሆን ነው። እዚህ ግን ሁለቱም አሉ። ደሴ ሥራውን ጨርሷል፣ እሷም ትኬቷን ይዛለች። እምቢ ያለው ትኬቱን የሚቀበለው ሰርቨር ነው።

ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ይህን ጻፍኩ፦

```
date -u
```

ይህ የአካባቢውን ሳይሆን የዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ዩቲሲን ያሳያል። ከርበሮስ የሚያወዳድረው በዚህ ነው። በእኛ ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ በፈረንጅ ሰዓት 9:40 ስለነበር 6:40 ማለት ነበረበት። ሰርቨሩ ግን 0:40 አለኝ። ልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ።

ስድስት ሰዓት ሲጎድል አገሬው ወዲያው ይገባዋል። እሁድ መብራት ጠፍቶ ነበር። የሰርቨሩ የሰዓት ባትሪ ሞቷል፤ ስለዚህ መብራት ሲመለስ የሆነ የድሮ ቀን ይዞ ተነሳ። አንድ ቅን ሠራተኛ «ሰዓቱ ተበላሽቷል» ብሎ ከእጅ ሰዓቱ አይቶ አስተካከለው፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበርና 2:00 ብሎ። ለእኛ ልክ ነው። ሰርቨሩ ግን የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ስለተሞላ 2:00ን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት አድርጎ አነበበው። በእሱ ቆጠራ ገና ጎህ አልቀደደም፤ የሠራተኛዋ ትኬት ደግሞ የሚጀምረው 8:12 ላይ ነው። ጊዜው ያልደረሰ ትኬት ይዛ የመጣችበት መሰለው፤ ስለዚህ አላስገባትም።

(የኮምፒውተሬን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማየት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሰዓቱን በእጁ መግፋት የለበትም። የሰዓት ክልሉን ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደኋላ የሆነ ቦታ ላይ ካደረገው፣ በማያው ላይ የእኛ ሰዓት ይታያል፤ ከሥር ያለው ዩቲሲ ግን አይነካም። ሰርቨር ላይ ግን አልመክርም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ባለሙያ ያሳብዳል።)

ማስተካከያው አጭር ነው። ሰርቨሩ ሰዓቱን ከሰው እጅ ሳይሆን ከትኬት ቢሮው ራሱ እንዲወስድ ማድረግ፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። `chrony` የሚባለው ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም በተጫነበት ሰርቨር፣ የማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ይህን መስመር ይጨምሩ፦

```
server dc1.biro.local iburst
```

ከዚያ አገልግሎቱን ዳግም አስነስተው፣ የትኬት ቢሮውን ሰዓት እስኪያነብ ጥቂት ሰከንድ ጠብቀው፣ ሰዓቱ በአንዴ እንዲዘል ያዙት፤ አለዚያ ስድስቱን ሰዓት ቀስ በቀስ እየጎተተ ሊሞላ ይሞክራል፦

```
sudo systemctl restart chrony
sleep 10
sudo chronyc makestep
date -u
```

በአንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች አገልግሎቱ `chronyd` ይባላል።

ስትፈትኑ ፎልደሩን በስሙ፣ `\\fayil.biro.local` ብላችሁ ክፈቱ። በአይፒ ቁጥሩ ከከፈታችሁት ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ከርበሮስን ትቶ ኤንቲኤልኤም በሚባለው አሮጌ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቢከፍትም ከርበሮስ ስለመዳኑ ምንም አልነገራችሁም።

ትኬት ያለው ድክመት አንድ ነው፤ የያዘው ሁሉ ባለቤት ይመስላል። ኮምፒውተሯ ውስጥ ዘልቆ የገባ ክፉ ፕሮግራም ትኬቱንና ጊዜያዊ ቁልፉን አብሮ ከሰረቀ፣ ፓስወርዷን ሳያውቅ ቢያንስ እስከ 18:05 እሷን መስሎ ይሠራል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው አካውንትም ጠዋት ቢዘጋ፣ ለፋይል ሰርቨሩ አስቀድሞ የቆረጠው ትኬት ጊዜው እስኪያልፍ ሊያስገባው ይችላል፤ ሰርቨሩ ደሴን አይጠይቅማ። የ10 ሰዓት ገደብ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

የዚያን ቀን ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ማንም ወጥቶ መግባት፣ ማንም ፓስወርድ መለወጥ አላስፈለገውም። ጠዋት የተቆረጡት ትኬቶች ከመጀመሪያውም ልክ ነበሩ። ሠራተኛዋ ፎልደሩን ዳግመኛ ነካችው፣ ተከፈተ። እኔም የሰርቨሩን ባትሪ ለመግዛት ወጣሁ።