ቦክስ ፕሎት ከፎቶ ላይ ስታነቡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሰሞኑን የተማሪዎችን ወረቀት ሳርም አንድ ስህተት እየደጋገመ መጣብኝ። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ጥያቄው በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። ሁለት ቦክስ ፕሎቶች፣ ማለትም ውጤትን በአራት ሩብ ከፍለው የሚያሳዩ ሥዕሎች፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተጋድመዋል፣ ከሥራቸው የውጤት ቁጥሮች የተጻፉበት መስመር አለ። የክፍል ሀ ሳጥን ከ55 እስከ 75 ነው፣ ሚዲያኑ፣ ማለትም የመሃለኛው ውጤት መስመር፣ 70 ላይ ነው፣ ከሳጥኑ ግራና ቀኝ የሚወጡት ጢሞቹ 40 እና 90 ይደርሳሉ። የክፍል ለ ሳጥን ከ50 እስከ 68 ነው፣ ሚዲያኑ 56፣ ጢሞቹ 30 እና 90። ከዚያ ወዲያ 98 ላይ አንዲት ነጠላ ነጥብ አለች። የተጠየቀው የሁለቱን ክፍሎች የውጤት ስፋትና ወደየት እንዳዘመመ ማወዳደር ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «በክፍል ሀ ከ55 እስከ 70 ያለው የሳጥኑ ክፍል ረጅም ስለሆነ፣ ብዙ ተማሪዎች እዚያ ውስጥ ናቸው።» አይደሉም! ከ55 እስከ 70 ሩቡ ተማሪ ነው ያለው። ከ70 እስከ 75ም ሩቡ ነው። አንዱ ሩብ በ15 ነጥብ ላይ ተበታትኗል፣ ሌላው በ5 ነጥብ ውስጥ ተጨናንቋል። የሚረዝመው ተማሪ ስለበዛበት ሳይሆን ስለሳሳ ነው። ሳጥኑን እንደ ባር ግራፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ እዚህ ይወድቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ እያለሁ ወድቄበታለሁ፣ ያውም በሙሉ ልብ ተከራክሬ።

ይህ ስህተት ሌላ ይወልዳል። ክፍል ሀ ውጤቱ ወደ 75 አካባቢ ስለተከማቸ «ወደ ቀኝ ያዘመመ» ይሉታል። ስሙ የሚወጣው ግን ከክምችቱ ሳይሆን ከሳሳው ጎን ነው። የሳሳው ወደ ዝቅተኛው ውጤት ስለሆነ ክፍል ሀ ወደ ግራ ያዘመመ ነው። በክፍል ለ ከሚዲያኑ በታች 6፣ በላይ 12 ነጥብ ነው። ነጠላዋ ነጥብም ያለችው በላይኛው ጎን ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ያዘመመ ነው። የክፍል ሀ ጢሞች ግን እኩል 15፣ 15 ናቸው። እዚያ የማዘመሙ ምልክት ያለው ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ነው፤ እንደዚያው ብላችሁ ጻፉት።

ቀጥሎ የፎቶው ነገር። ፎቶ ከጎን ከተነሳ የራቀው ጫፍ ይጠባል። ይህን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። በፎቶው ላይ ከ40 እስከ 60 ያለው ርቀት 30 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከ60 እስከ 80 ያለውም 30 መሆን አለበት። 28 ከሆነ ፎቶው ተንጋዷል ማለት ነው። ያኔ እያንዳንዱን መስመር በቅርቡ ባሉት ሁለት ቁጥሮች መካከል ለኩ እንጂ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሂሳብ አትሂዱ። ለምሳሌ የክፍል ሀ ሚዲያን ከ60 በ14 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ የ28 ግማሽ ነውና 70 ይሆናል። በፊተኛው 30 ሚሊሜትር ያሰላ ግን 69 ብሎ ይጽፋል።

አንድ ነጥብ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ያመጣል። የክፍል ሀ ሳጥን ስፋት 20 ነው፣ የክፍል ለ 18። «ክፍል ሀ ይበልጥ የተበታተነ ነው» ብሎ የሚቸኩል ሞልቷል። ግን እያንዳንዱን የሳጥን ጠርዝ ስናነብ በአንድ ነጥብ ብንሳሳት፣ አንዱ ስፋት እስከ 2፣ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ እስከ 4 ይዛባል። ስለዚህ ከፎቶ የተገኘ የ2 ነጥብ ልዩነት ምንም አይነግረንም። «መሃለኛው ግማሽ በሁለቱም ክፍሎች ተቀራራቢ ስፋት አለው» ማለት ነው ያለብን። የሚዲያኖቹ የ14 ልዩነት ግን በዚህ ስህተት አይጠፋም።

ነጠላዋን ነጥብ ደግሞ ቆሻሻ መስሏት የዘለለቻት ተማሪ ነበረች። አልፈረድኩባትም፣ ፎቶው ደብዛዛ ነበር። ግን ማረጋገጫ አለ። በተለመደው አሳሳል ጢም ከሳጥኑ ስፋት 1.5 እጥፍ በላይ አይርቅም። ለክፍል ለ 18 በ1.5 ሲባዛ 27 ነው፣ 68 ሲደመርበት 95። 98 ከዚያ ስለሚያልፍ ብቻውን በነጥብ መሳሉ ትክክል ነው። እሷን ከዘለላችሁ የክፍል ለ ሬንጅ፣ ማለትም ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ውጤት ያለው ርቀት፣ 60 ነው፣ ከቆጠራችሁ 68። የክፍል ሀ 50 ነው። በሁለቱም መንገድ ክፍል ለ ይሰፋል፣ ግን ከ60 ወደ 68 ያሳደገው አንድ ውጤት ብቻ መሆኑን ጻፉ።

የሚዲያኑን መስመር አንብባችሁ አማካይ ነው ብላችሁ አትጻፉ። የተማሪ ብዛትም ከሳጥኑ አይነበብም።