ከተቆራጭና ከዕቁብ ጋር የራስን ሥራ መክፈት፦ በአሜሪካ ለሚኖር ሠራተኛ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ወገናችን ደመወዙ በገባ ማግሥት ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል፤ አንዱ አገር ቤት የሚጠበቀው ተቆራጭ፣ ሌላው አንድ ቀን ለሚከፍተው ሥራ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ነው። ሁለቱን ለማስኬድ የሚከተለውን አካሄድ አንዲት በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ምሳሌ ላይ እናሳያለን። ይህች ሴት ከግብር በኋላ በወር 2,900 ዶላር ይደርሳታል፣ ዓላማዋም እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ማከፋፈል ነው እንበል።

መጀመሪያ ተቆራጩን ወስኑ። ከቤተሰብ ጋር በግልጽ ተነጋግሮ የአስቤዛን፣ የመድኃኒትንና የትምህርት ቤት ክፍያን ዝርዝር መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከቀድሞው 57 ብር ገደማ በጥቂት ቀናት ከ100 ብር በላይ ስለ ዘለለና የገበያው ዋጋም ስለ ናረ፣ የድሮው ስሌት አያገለግልም። የእኛዋ ሴት 300 ዶላር ትቆርጣለች፤ ሌላ 100 ዶላር ደግሞ ለለቅሶ፣ ለሕመምና ለድንገተኛ ጥሪ ለብቻው ታስቀምጣለች። ይህ ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የሥራውን ገንዘብ ይነካል፤ ብዙ ቁጠባ የሚፈርሰው በዚሁ በር ነው። ለክፍል ኪራይ፣ ለምግብና ለመጓጓዣ 1,600 ዶላር ሲወጣ 900 ዶላር ይተርፋታል።

ሲልኩ «ክፍያ የለውም» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይሆን እናት እጅ የሚገባውን ብር ይመልከቱ። ለምሳሌ አንዱ ላኪ ያለ ክፍያ በ150 ብር ቢመነዝር 300 ዶላር 45,000 ብር ይሆናል። ሌላው 4 ዶላር ወስዶ ቀሪውን 296 ዶላር በ153 ብር ቢመነዝር ግን 45,288 ብር ይደርሳል። የአሜሪካ ሕግ ላኪው ድርጅት ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ምንዛሪውን፣ ክፍያውንና ተቀባዩ የሚያገኘውን መጠን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ከከፈሉ በኋላም ገንዘቡ ለተቀባዩ ካልደረሰ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ። በተጨማሪም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ሲላክ 1 በመቶ ግብር ይታሰባል፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ በተሰጠ ካርድ ሲላክ ግን ይህ ግብር የለም።

አሁን ወደ 900 ዶላሩ እንምጣ። ሴትየዋ 300 ዶላሩን ደመወዟ በገባበት ቀን ካርድ ወደሌለው ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ታዛውራለች፣ 600 ዶላሩን ደግሞ 20 አባላት ባሉት ወርኃዊ ዕቁብ ትጥላለች። የሚደርሳት ዕጣ 12,000 ዶላር ነው። ዕቁቡ ሲያልቅ፣ ከባንኩ 6,000 ዶላር ጋር፣ 18,000 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ፈቃድ ያለው የጋራ ማእድ ቤት ለመከራየት፣ ምጣድ ለመግዛት፣ ለፈቃድና ለመድን ለመክፈል፣ የመጀመሪያዎቹን የኪራይ ወራት ለመሸፈን የምታውለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዕጣው በሦስተኛው ወር ቢወጣላት የያዘችው 12,000 ዶላር የራሷ ቁጠባ አይደለም፤ 1,800 ዶላር ብቻ ጥላለችና ቀሪው 10,200 ዶላር በ17 ወር የምትከፍለው ዕዳ ነው። በዚህ ገንዘብ ደመወዟን ትታ ሥራ ከከፈተች፣ ሥራው ገና ሳይለምድ ዕቁቡ 600 ዶላር ይጠይቃታል፤ ዋሶቿም አብረው ይጨነቃሉ። ስለዚህ ቀድሞ ከወጣላት ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ተነጋግራ ተራዋን ዘግይቶ ከደረሰው ሰው ጋር ብትለዋወጥ፣ ካልሆነም ገንዘቡን ባንክ አስቀምጣ ደመወዟን እየበላች ብትቀጥል ይሻላል።

ዕጣውን በጥሬ ገንዘብ ከተቀበለች ሳትከፋፍል በአንድ ጊዜ ባንክ ታስገባ። ባንኩ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ለመንግሥት ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱ በራሱ ክስም ግብርም አይደለም። «ጥያቄ እንዳይመጣ» ብሎ ዛሬ 6,000፣ ነገ 6,000 ማስገባት ግን፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው በየዋህነት ስለሆነ ደጋግሞ መንገር ይገባል። የዕቁቡን የአባላት ዝርዝርና በየወሩ የጣለችበትን መዝገብ ፎቶ አንስታ ብታስቀምጥ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለጠየቃት ሰው በዚያው ወረቀት ታሳያለች።