ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃው የለም

ስልኩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። «ፓምፑ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፣ ውሃው ግን እንደ ክር ነው የሚቀጥነው።» ቀጥሎ ደግሞ «አዲስ ፓምፕ ስንት ይሆናል?» ይላሉ። እባካችሁ፣ ከዚያ ጥያቄ በፊት ሰው ሁሉ የሚሳሳትባቸውን እነዚህን ነገሮች አንብቡ።

የማወራው አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ግቢ ስለማየው ነገር ነው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ወይም መሬት ውስጥ የተቀበረ ታንከር አለ። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያላት ፓምፕ ከላይ ተቀምጣ ከታች ትስባለች። ውሃው ከላይ ካለ ሮቶ በራሱ ወደ ፓምፑ የሚወርድላችሁ ከሆነ የእናንተ ጣጣ ሌላ ነው።

እርጥብ ቦታ መፈለግ

«ቧንቧውን ሁሉ አየሁት፣ አንድም ቦታ አያንጠባጥብም።» አያንጠባጥብማ! ይህን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር አንድ ብር ቢሰጠኝ ዛሬ ቤት ሠርቻለሁ። ከጉድጓዱ እስከ ፓምፑ ያለው ቧንቧ ውስጥ ፓምፑ እየሳበ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ካለ ውሃ ወደ ውጭ አይወጣም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ከመርፌ ጫፍ ቢያንስም ይበቃዋል። ከውጭ ስታዩት ደረቅ ነው፣ አቧራ እንኳ ለብሷል። ውስጡ ግን ፓምፑ ከውሃ ይልቅ አየር እያማሰለ ነው።

ምልክቱን ለማየት ውሃውን በባልዲ ተቀበሉ። እየተቆራረጠ፣ እንደሚያስል ሰው እየተፋ ይወጣል። ባልዲው ውስጥ ወተት መስሎ ይነጣና ከታች ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል። ያ ነጭ ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ አየር ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ ዘንድ የሄድኩት በጥር ነበር። ሁለተኛ ፓምፕ ገዝተው ገጥመዋል፣ ያው ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን ሰጡኝና ሰዓት ያዝኩ፤ ለመሙላት 4 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ለእንዲህ ዓይነቷ ፓምፕ አንድ ደቂቃ አካባቢ ነበር የሚበቃት። ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ጉድጓዱ ውስጥ አወረድኩ። ከፓምፑ እስከ ውሃው 4 ሜትር ተኩል ሆነ። ይህ ፓምፑ የሚችለው ርቀት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የጉድጓዱ አይደለም።

ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ። ፓምፑ ወደ ቤት የሚገፋበትን ቫልቭ ዘጋሁ። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ አንድ ጎማ አወረድኩና ፓምፑ ራስ ላይ ካለው የውሃ መሙያ ጋር አጥብቄ አገናኘሁት። ነገሩ እዚህ ላይ ተገለበጠ። አሁን ቧንቧው እየተሳበ ሳይሆን ከውስጥ እየተገፋ ነው። ቧንቧው ታች ጫፍ ላይ ያለው፣ ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ የሚዘጋው ፉት ቫልቭ ውሃውን ይዞታል፣ ስለዚህ ቀዳዳ ካለ ማልቀስ አለበት። ጋሼ ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከፓምፑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሁለቱን ቧንቧ ከሚያገናኘው ዩኒየን ሥር አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች።

ፈታሁት። ውስጡ ያለው የማሸጊያ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ በዚያ ላይ አንድ የአሸዋ ፍሬ ተቀርቅሮበታል። ጎማውን ቀየርኩ፣ ክሩን በቴፍሎን ጠቀለልኩ፣ ፓምፑን ውሃ ሞላሁ። ጀሪካኑ በ55 ሰከንድ ሞላ። የመጀመሪያው ፓምፕ ምንም ሳይሆን ስቶር ውስጥ ከጆንያ ሥር ተጥሎ ነበር።

ጣሪያ ላይ ሮቶ ከሌላችሁ የጺም መላጫ አረፋ ግዙ። ፓምፑ እየሠራ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ቀቡት፣ ሞተሩን ግን እንዳታስነኩት። የሚያፈስ ቦታ አረፋውን ወደ ውስጥ ሲስበውና ጉድጓድ ሲሠራበት ታያላችሁ። የውሃ መሙያውን ቡሽ አትርሱት፤ ሁልጊዜ የሚከፈት እሱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ያገኛችሁትን ቀዳዳ ከላይ በሲሊኮን መለጠፍ ደግሞ ለሳምንት ነው። ፍቱት።

አውቶማቲኩን መጎርጎር

ብዙ ቤት ያለው አውቶማቲክ፣ ማለትም ፕሬዠር ስዊች፣ ፓምፑን 1.4 ባር ላይ አስነስቶ 2.8 ባር ላይ ያጠፋዋል። አየር የሚስብ ፓምፕ 2.8 አይደርስም፣ ስለዚህ አይጠፋም። ይህን ጊዜ «አውቶማቲኩ ተበላሽቷል» ይባልና አንዱ ክዳኑን ከፍቶ ስፕሪንጉን ያላላዋል። ፓምፑ ይጠፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሻወሩ ግን ሞተ፣ ቀዳዳውም እዚያው ነው።

በአንድ ጆግ ውሃ መሙላት

ጀማሪዎች ፓምፑ እስኪሞላ ያፈሱና ያስነሳሉ። ፓምፑ ብቻ አይደለም መሙላት ያለበት፣ የሚስብበት ቧንቧም ጭምር ነው። የአንድ ኢንች ቧንቧ በሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ይይዛል። 12 ሜትር ከሆነ 6 ሊትር ነው። ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ አረፋው ይውጣ፣ እንደገና ጨምሩ።

ሞልቶ ከቆመ በኋላ ክፍቱን ትታችሁ ቡና ጠጡ። ስትመለሱ ውሃው ከወረደና ከላይ የረጠበ መጋጠሚያ ከሌለ ፉት ቫልቩ አልያዘም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ወይም ጠጠር ነው ክፍት ያስቀረው። አውጥታችሁ እጠቡት። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ውሃ እየሞላችሁ ሥራ የምትሄዱ ሰዎች፣ ስለ እናንተ ነው የማወራው።

ጎኑ ላይ የተጻፈውን 8 ሜትር ማመን

እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ቤት ውሃው 7 ሜትር ላይ ነበር። ፓምፑ ላይ 8 ሜትር ይስባል ይላል። አልሳብ ሲል «ፓምፑ ሞቷል» ብዬ አዲስ አስገዛኋቸው። አዲሱም አልሳበም። ያፈርኩትን ማፈር እኔ ነኝ የማውቀው።

ፓምፕ ውሃን ጎትቶ አያወጣም። ውስጡ ያለውን አየር ይቀንሳል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው አየር ነው። በባሕር ጠለል ያ አየር ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ይገፋል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ ነው፣ በስሌት እንኳ ከ8 ሜትር በታች ነው የሚገፋው። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፤ እዚህ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቀንሱለት። የቧንቧው ርዝመትና መታጠፊያውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እኔ ከ5 ሜትር በላይ ከሆነ ከላይ የሚስብ ፓምፕ አልገጥምም። ወይ ፓምፑን ጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ወይ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን አስገዛለሁ።

ለዚህም ነው አንዳንድ ግቢ በነሐሴ ሲፈስ የነበረው በመጋቢት የሚቆመው። ፓምፑ ያው ነው፣ የወረደው ውሃው ነው። ገመዱንና ድንጋዩን ስቶር አስቀምጡ።

ትንንሾቹ

የሚስበው ቧንቧ ከጉድጓዱ እስከ ፓምፑ ሽቅብ እየወጣ ይሂድ። መሐል ላይ ጉብታ ከሠራ አየር እዚያ ይሰበሰባል።

የፓምፑ አፍ አንድ ኢንች ከሆነ በግማሽ ኢንች አትቀጥሉት።

«ይሳብ ይሆናል» ብላችሁ ባዶውን ግማሽ ሰዓት አታስጩኹት። ዘንጉ ላይ ያለው ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው በውሃው ነው። ከተቃጠለ በኋላ እሱ ራሱ አየር ይስባል፣ ያኔ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በአረፋ ብትቀቡ ምንም አታገኙም።