ረጅም የፊዚክስ ወርክ አውት ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

ወርክ አውት ላይ አራሚው ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ አይደለም። ለሥዕሉ፣ ለቀመሩና ቁጥሩን ለመተካትም ይሰጣል። መልሱን ብቻ የጻፈ ተማሪ ከተሳሳተ ግን አራሚው ነጥብ የሚሰጥበት ነገር አያገኝም። በዚህ ምሳሌ እንየው።

2 ኪሎ ግራም የሆነ ሳጥን 4 ሜትር ርዝመትና 30° ዝንባሌ ባለው ወለል ላይ ከእረፍት ተነስቶ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በአግዳሚ ወለል ሄዶ ይቆማል። የሁለቱም ወለሎች የፍሪክሽን መጠን μ = 0.2፣ g = 10 m/s² ነው። (ሀ) በዝንባሌው ላይ አክስለሬሽኑ፣ (ለ) ታች ሲደርስ ፍጥነቱ፣ (ሐ) በአግዳሚው ላይ የሚሄደው ርቀት ስንት ነው?

መጀመሪያ እስከ (ሐ) ድረስ አንብቡ። የ(ሀ) መልስ ለ(ለ)፣ የ(ለ) ደግሞ ለ(ሐ) ግብዓት መሆኑ ያኔ ይታያል። ከዚያ ለዝንባሌውና ለአግዳሚው ለየብቻ ሥዕል ሥሩ፤ በሳጥኑ ላይ የሚያርፉትን ፎርሶች በሙሉ በቀስት አሳዩ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በዝንባሌው ላይ ኖርማል ፎርሱ mg ሳይሆን mg cos 30° ነው። mg ብሎ የሠራ ሰው አክስለሬሽኑ 3 m/s² ይወጣለታል፤ ቁጥሩ ስለማያስደነግጥ ስህተቱን አያስተውለውም።

ቁጥር ከመተካታችሁ በፊት ቀመሩን በፊደል ጨርሱት።

```
mg sin θ − μ mg cos θ = ma
a = g (sin θ − μ cos θ)
```

m ተሰረዘ፤ 2 ኪሎው ለሦስቱም ጥያቄዎች አያስፈልግም ማለት ነው። አሁን ተኩ፦ a = 10(0.5 − 0.1732) = 3.268 m/s²። መልሱን 3.27 ብላችሁ ጻፉ፤ ለቀጣዩ ግን 3.268ን ያዙ። v² = 2as = 26.14፣ ስለዚህ v = 5.11 m/s። አሃዱንም አብራችሁ አባዙ፦ m/s² በ m ሲባዛ m²/s² ይሆናል፤ ሥሩ m/s ነው። ሥሩን ማውጣት የረሳ ሰው እዚህ ይያዛል። በአግዳሚው ላይ ሳጥኑን የሚያዘገየው μg = 2 m/s² ነው፤ ስለዚህ d = v²/(2μg) = 26.14/4 = 6.54 m።

መልሱ ያስኬዳል ወይ? ፍሪክሽን ባይኖር ኖሮ a = 5፣ v = 6.32 ይሆን ነበር። የእኛ ከዚያ ማነሱ ተገቢ ነው። a ኔጌቲቭ ከወጣባችሁ ካልኩሌተሩ በራዲያን ላይ መሆኑን ተመልከቱ። ጊዜ ከተረፈ በኢነርጂ አረጋግጡ፦ ሳጥኑ የተነሳበት ከፍታ 2 m ስለሆነ mgh = 40 J ነው። ፍሪክሽን በዝንባሌው ላይ 13.86 J፣ በአግዳሚው ላይ 26.16 J ይወስዳል። ድምሩ 40.02 J ነው፤ ትንሿ ልዩነት 6.535ን ወደ 6.54 ከማጠጋጋት የመጣች ናት።

(ለ) ጨርሶ እምቢ ካላችሁም (ሐ)ን ባዶ አትተዉት። «v = 5 m/s ነው ብለን እንውሰድ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉና d = 25/4 = 6.25 m ብላችሁ ሥሩት። ብዙ አራሚዎች ዘዴው ትክክል ከሆነ ለ(ሐ) የተመደበውን ነጥብ በከፊልም ቢሆን ይሰጣሉ።